የተነሳውን ቻት በራሴ ቃል ልንገራችሁ፤ አነጋገሩ ቁጣ ነው ወይስ ምክር?

ቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ የወሎ ልጆች። ትናንት ማታ የቴሌግራም ቻት ስክሪንሾት ለጥፌ ነበር። የሰው ስምና የፕሮፋይል ፎቶ ስለሚታይበት ተነስቷል። በመነሳቱ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄው ግን አሁንም እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ነገሩን በራሴ ቃል ልንገራችሁ።

አንድ የማህበር ግሩፕ ውስጥ ነኝ። ቤት ለቤት የምንዞርበት ተራ አለ። የዚህ ወር ተራ የእኔ ነበር። ስላልተመቸኝ ተራዬ እንዲተላለፍልኝ በትህትና ጠየቅኩ። በ9፡40 አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆኑን ጻፉብኝ። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ተቆጥተውኝ ነው? ወይስ ደንቡን ማስታወሳቸው ብቻ ነው? ለእኔ እንደ ቤተሰብ ናቸው። ቅር እንዲላቸው አልፈልግም።

አወያይ

አመሰግናለሁ፣ እንዲህ መጻፉ ጥሩ ነው። ፎቶውን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ አጥፉት። የሚመልስ ሰውም የማህበሩን ቦታም ሆነ የሰውየውን ማንነት እንዳይጠይቅ።

ጦሳ ስር

እህቴ፣ ይሄማ ግልጽ ንቀት ነው። ሰው ሁሉ በሚያይበት ግሩፕ «ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» ማለት «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው» ማለት ነው። ትልቅ ሰው ቢሆኑ ለብቻሽ ይነግሩሽ ነበር። ደሴ ውስጥ ሰው እንዲህ አይናገርም፣ ለዛ አለን እኮ። እኔ ብሆን ከግሩፑ እወጣለሁ።

ስልክ ጠጋኝ ፒያሳ

ፎቶውን መልሰህ ለመለጠፍ ከፈለግክ ወንድሜ፣ በደንብ መሸፈን ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያጠፋው በማርከሩ ነው። ስልክ ላይ ያለው ማድመቂያ ማርከር ቀለሙ ስስ ነው። ጥቁር መስሎህ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀባዋለህ። አንዱ ፎቶውን ወስዶ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ስሙ ከስር ይወጣል። ሱቅ ውስጥ ለደንበኞቼ አሳይቼያለሁ፣ አያምኑም ነበር። ስለዚህ ሙሉ ጥቁር ሳጥን ተጠቀም። ከዚያ የተሸፈነውን ፎቶ እንደገና ስክሪንሾት አንሳውና ያንን ላክ።

መቁረጥ ብቻውንም አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ የተገኘ ችግር ነበር። በስልኩ ማስተካከያ የተቆረጠ ስክሪንሾት የተቆረጠውን ክፍል ፋይሉ ውስጥ ይዞት ይቀር ነበር፤ የሚያውቅ ሰው መልሶ ያወጣዋል። በማሻሻያ ተዘግቷል፤ ድሮ የተላኩት ፎቶዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ሌላው ደግሞ ሰው የማያየው ቦታ ነው። ቴሌግራም ላይ ለአንድ መልእክት «ሪፕላይ» ስታደርግ የዚያ ሰው ስም በትንሹ ከላይ ይቀመጣል። ዋናውን ስም ሸፍነህ ያችን ትረሳታለህ።

ቦርከና ዳር

አመሰግናለሁ ጠጋኙ፣ ትምህርት ነው። ግን ፎቶውን መልሼ መለጠፍ አልፈልግም። ብሸፍነውም የአጻጻፋቸውን መንገድ የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ከፎቶ ውጭ እንዴት አድርጌ ብናገረው አነጋገሩ ይገባችኋል? ጥያቄዬ እሱ ነው።

የሙጋድ አሮጌ

ረጅም ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ። ለዓመታት አንድ ጋዜጣ ላይ የአንባቢያን ደብዳቤ አዘጋጅ ነበርኩ። ሰው ትዳሩን፣ አማቱን፣ አለቃውን ጽፎ ይልካል። ሥራዬ ሰውየው እንዳይታወቅ እያደረግኩ ነገሩ እንዳይሞት ማድረግ ነበር። ጠያቂ፣ «እርስዎ» የምልዎ ወንድ ይሁኑ ሴት ሳልጠይቅ ለመመለስ ነው። እስካሁን አንዱ «እህቴ» አንዱ «ወንድሜ» ብሏል። እርስዎ ግን አልተናገሩም፤ እንዳይናገሩም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ እንበል። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የሌላውን ስም ሲያወጣ ብዙውን ነገር ደብቋል። እኛ ግን ስሙን ብናወጣም ግሱ ይናገራል። «አለችኝ» ካሉ ሴት ናት። «አለኝ» ካሉ ወንድ ነው፣ ያውም ከእርስዎ አይበልጥም። «አሉኝ» ካሉ ጾታው ተደብቆ ትልቅነቱ ይወጣል። እርስዎ «አሉ» ማለትዎ ጾታቸውን በደንብ ደብቆታል። በዚህ ጎበዝ ነዎት።

ችግሩ ሌላው ጫፍ ላይ ነው። እሳቸውን «አሉ» ብለው ሲጽፉ እሳቸው እርስዎን ምን ብለው እንደጠሩ ጠፋ። «ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆኑን» የሚለው የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው የለበትም፣ ማን ለማን እንደተናገረ አይታይም። ጦሳ ስር ደግሞ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው» የሚል ድምፅ አስገብቶ ፈረደ። አልፈርድበትም፤ ባዶ ቦታ ካለ አንባቢ ይሞላዋል።

ሁለተኛው «ጻፉብኝ» ያሉት ነው። እሳቸው የጻፉት «ብኝ» አይደለም፣ እሱ የእርስዎ ነው። «ጻፉልኝ» ቢሉ እዚህ ያለው ሰው ግማሹ ምክር ነው ይል ነበር። «ጻፉ» ብቻ ይበሉት። «በትህትና ጠየቅኩ»ም እንዲሁ ነው። ሰው የራሱን ወገን ሲናገር ሁልጊዜ በትህትና ነው የጠየቀው። ትህትናውን እኛ እንድናየው የጠየቁበትን ግስ ይስጡን። «ስጡልኝ» ነው ያሉት? «ብትሰጡልኝ»? «ይቻል ይሆን»?

ስለዚህ ደግመው ሲጽፉ እነዚህን ይንገሩን። እሳቸው ወትሮ በአንተ ወይም በአንቺ ነው የሚጠሩዎት ወይስ በእርስዎ? በዚህ መልእክትስ? ከእርስዎ ጥያቄ እስከ እሳቸው መልስ ምን ያህል ቆየ? መልሱ በግሩፑ ነው ወይስ ለብቻዎ? ማህበሩ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ ለምን እንዳልተመቸዎት አያስፈልገንም።

ኮምቦልቼው

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ታሪኩን ለምን አትለውጠውም? «ማህበር» የሚለውን «መሥሪያ ቤት» አድርገው፣ ትልቁን ሰው «አለቃዬ» በላቸው። ማንም አያውቅህም። እኔ ሁሌ እንዲህ ነው የማደርገው። ስምን፣ ቦታን፣ ብርን፣ ሁሉን ቀይር።

የሙጋድ አሮጌ

ግማሹ ልክ ነው ኮምቦልቼው። ብርን ቀይር፣ ከተማን ቀይር፣ ወሩን ቀይር። የተጠየቀውን ነገር ራሱንም መቀየር ይቻላል። ዝምድናውን ግን አትንካ። አለቃ በእርስዎ ቢጠራህ የመሥሪያ ቤት ወግ ነው፣ ማንም አይደነግጥም። ያሳደገህ ጎረቤት ድንገት በእርስዎ ቢጠራህ ግን ሌላ ነገር ነው። ማህበሩን መሥሪያ ቤት ካደረግከው መልሱም የመሥሪያ ቤት መልስ ይሆናል። ጠያቂው ያንን ይዞ ሄዶ ለጎረቤቱ ቢመልስ ይበላሻል።

እኔ አንዱን ደብዳቤ ስቀይር የማየው ሦስት ነገር ነበር። ማን ይበልጣል፣ ማን የማን ባለውለታ ነው፣ ማን አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። እነዚህ ሦስቱ ሳይነኩ ሌላው ቢለወጥ አነጋገሩ ይተርፋል።

ቦርከና ዳር

እሺ፣ ደግሜ ልሞክር። አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ግሩፑ ውስጥ ሁሉም ሰው አለ። የጻፍኩት «ሰላም ለሁላችሁ፣ በዚህ ወር አይመቸኝም፣ ተራዬን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» የሚል ነው። ወዲያው ሰው አይቶታል፣ ማንም አልመለሰም። እሳቸው የመለሱት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይተው ነው። በዚያው በግሩፑ። መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ወትሮ የሚሉት ዓይነት። ከዚያ ደንቡን ጠቀሱ። ከዚያ ደግሞ «እርስዎም ያውቁታል» የሚል አለበት። መጨረሻው «አብሽር» ነው፤ ያውም ለወንድም ለሴትም እንዳይለይ አድርጌ ነው የጻፍኩላችሁ።

ወትሮ በአንተ ወይም በአንቺ ነው የሚጠሩኝ፣ «ልጄ» ይሉኛል። በእርስዎ ጠርተውኝ አያውቁም።

አንድ ሌላ ነገር። ወትሮ የድምፅ መልእክት ነው የሚልኩት። ይሄ በጽሑፍ ነው የመጣው።

ጦሳ ስር

አላልኳችሁም? «ልጄ» ሲሉ የነበሩ ሰው «እርስዎም ያውቁታል» ካሉ በቃ፣ አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ቁጣ አለ? ከስድብ ይብሳል። በዚያ ላይ ከቀኑ 9፡40፣ ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ሁሉም እንዲያየው።

ስልክ ጠጋኝ ፒያሳ

ቆይ፣ 9፡40 የማን ሰዓት ነው? ስክሪንሾቱ ላይ ያለው የስልኩ ሰዓት ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከሰዓቱ ጎን PM ካለ ከምሽቱ 3፡40 ነው ማለት ነው። በእኛ ከቀኑ 9፡40 ከሆነ ስልኩ 3:40 PM ነው የሚለው።

ቦርከና ዳር

አዎ፣ ስልኩ ላይ 9:40 PM ነው የሚለው። ከምሽቱ 3፡40 መሆኑ ነው። እኔ የጻፍኩት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር።

የሙጋድ አሮጌ

ጠጋኙ ትልቅ ነገር አነሣህ። ቻትን በቃል የሚያስተላልፍ ሰው ሁሉ ሰዓቱን በቁጥር ብቻ ባይጽፈው ይሻላል። «ማታ ከእራት በኋላ» ቢል አንባቢ አይሳሳትም። ለምስጢሩም ይጠቅማል፤ ትክክለኛው ደቂቃ ግሩፑ ውስጥ ላለ ሰው ምልክት ነው።

ጦሳ ስር፣ አንተ ያየኸው ሰው በሥራ ሰዓት አደባባይ ላይ የሚያዋርድ ሰው ነው። አሁን ያለን ደግሞ ሁለት ሰዓት አስበው፣ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል፣ ማታ ላይ የመለሱ ሰው ናቸው። የሌላውን ዝምታ ብቻ ብናይ እንኳ፣ ግሩፑ በሙሉ «ስጡልኝ» የሚለውን ያየና መልስ የሚሰጥ ትልቅ ሰው የጠበቀ ይመስላል።

ስለ «እርስዎ» ግን ከአንተ ጋር በከፊል እስማማለሁ። የሚበልጥ ሰው ከአንቺ ወይም ከአንተ ወደ እርስዎ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ርቀት ነው። የተለመደው ትርጉሙ «ከልጅነትህ አስወጥቼሃለሁ» ነው። ቅያሜ ሊሆን ይችላል። ግን በግሩፕ ፊት መሆኑን አትርሳ። በሰው ፊት ልጃቸውን አክብረው የሚጠሩ አሉ።

የሐይቅ ሙሽራ

እኔ የምለው ሌላ ነው። የባለቤቴ እናት እኔን አንቱ ነው የምትለኝ። ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ። የወንድሞቼን ሚስቶችም አማቶቻቸው እንዲሁ ነው የሚሏቸው። እኛ ጋ አማት ምራቷን ወይ አማቿን አንቱ ማለት ወግ ነው፣ ቁጣ የለበትም። ቡና ላይ ቁጭ ብላ «አንቱ፣ ኑ እስቲ» ስትለኝ እንደ እናቴ ነው የሚሰማኝ። የከተማ ልጆች «እርስዎ» ስትሉ ለምን እንደምትደነግጡ አይገባኝም። ምናልባት እኚህ ሰውም ከገጠር ናቸው፣ ወይ ዝምድና ሊፈልጉ ይሆናል!

የሙጋድ አሮጌ

እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ያንቺ አማት ከመጀመሪያው አንቱ ብላሻለች። እዚህ የሚያስደነግጠው ለውጡ ነው፣ ቃሉ ብቻውን አይደለም። ለዚህ ነው «ወትሮስ?» ብዬ የጠየቅኩት። ወትሮው ሳይነገር አንድ መልእክት ብቻውን ቢተላለፍ አንቺም ጦሳ ስርም እኩል ትክክል ትሆናላችሁ።

የሐይቅ ሙሽራ

እሱስ ልክ ነው። ግን «አብሽር»ን ለምን ማንም አላነሳም? የተቆጣ ሰው አብሽር አይልም። እኛ ጋ አብሽር የሚባለው ሰው ሲያዝን፣ ሲጨነቅ ነው። አይዞህ ነው እኮ፣ አታስብ።

ጦሳ ስር

ክርክር ሲዘጋም ይባላል። «አብሽር፣ ይሁን» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው አላየሽም? ደረቅ አብሽር አለ።

ወልድያ 22

ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል፣ ከፈቀዳችሁ። አከራዬ ኪራይ ስለዘገየሁ «እሺ» ብቻ ብለው መለሱልኝ፣ ከኋላው አራት ነጥብ አለ። «እሺ።» እንዲህ። አራት ነጥቡን አይቼ ሌላ ቤት ልፈልግ ነበር። ጓደኞቼም የሚቆጣ ሰው ነው አራት ነጥብ የሚያደርግ አሉኝ። የአከራዬን ቻት ማሳየት አልፈለግኩም፣ እንደ እናንተ በቃል ነው የነገርኳቸው። ምን ይመስላችኋል?

የሙጋድ አሮጌ

የድሮ መልእክቶቻቸውን ወደ ላይ ውጣና እይ። ትምህርት ቤት የተማሩትን የሚያከብሩ ትልልቅ ሰዎች ለ«መልካም በዓል» እንኳ አራት ነጥብ ያደርጋሉ። ሁልጊዜ የሚያደርጉ ከሆነ ምንም አይናገርም። ወጣቱ ነው በቴሌፎን አራት ነጥብ የማያደርግ፤ ስለዚህ ሲያየው ቁጣ ይመስለዋል። በቃል ስታስተላልፍ «አራት ነጥብ አለበት» ካልክ «ወትሮም ያደርጋሉ» ወይም «ወትሮ አያደርጉም» የሚለውን ጨምርበት። ያለዚያ ለጓደኞችህ ፍርሃትህን ነው የነገርካቸው።

ወልድያ 22

አየሁት። ለሁሉም ያደርጋሉ፣ ለመብራት ሂሳቡም ጭምር። እግዜር ይስጥልኝ።

ቦርከና ዳር

አሮጌው፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰላምታውን «ወትሮ የሚሉት ዓይነት» ብዬ ነው ያለፍኩት። ሰላምታውን እንዳለ ብጽፈው አነጋገሩ የበለጠ ይገባችሁ ነበር ወይ? ያልጻፍኩት ሃይማኖታቸው ስለሚታወቅ ነው።

የሙጋድ አሮጌ

በጣም ደግ አድርገዋል። እዚህ እኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ ሰላምታው ብቻውን ሰውን ለሁለት ከፍሎ ያጠባል። ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ሰፈር ሲጨመርበት አንድ ሰው ላይ ይደርሳል። ለአነጋገሩ የሚያስፈልገን ሰላምታው መኖሩና ከወትሮው አለመቀነሱ ብቻ ነው። እሱን ነግረውናል። «አብሽር»ን ግን ሁለቱም ይላል፣ ስለዚህ እንዳለ መተውዎ ችግር የለውም። ወሎ መሆንዎን ያሳያል፣ እሱ ግን በዚህ መድረክ ምስጢር አይደለም።

በአጠቃላይ እኔ ብሆን ከመልእክቱ ውስጥ አነጋገሩ የተሰቀለበትን አንዲት ወይም ሁለት ቃል ብቻ እንዳለ እተዋለሁ። እዚህ «እርስዎም ያውቁታል» እና «አብሽር» ናቸው። ሌላውን ሁሉ በራሴ ቃል አደርጋለሁ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከተገለበጠ ግሩፑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው በሰከንድ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አማርኛችን ያታልላል። እኛ የሌላውን ንግግር ስናወራ «እመጣለሁ አለ» እንላለን፣ እሱ ራሱ እንደተናገረ። የቃሉ ግልባጭ ይሁን የእኛ ማጠቃለያ አይለይም። ስለዚህ ጠያቂው ራሱ ይለየው። «ቃል በቃል ነው» ወይም «በእኔ አባባል» ይበል። ጦሳ ስር መጀመሪያ ላይ «ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» የሚለውን በጥቅስ አድርጎ የተቆጣው ለዚህ ነው፤ ያ ጥቅስ ግን የእሳቸው አልነበረም።

ጦሳ ስር

እሺ፣ እዚያ ላይ ተረድቼሃለሁ። ጥቅሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ግን በግሩፕ መመለሳቸውን አሁንም አልወደድኩትም። ለብቻ መላክ እየቻሉ።

የሐይቅ ሙሽራ

ጠያቂውም በግሩፕ ነው የጠየቀው እኮ። በሰው ፊት የተጠየቀ በሰው ፊት ይመለሳል።

ኮምቦልቼው

እኔ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የቱንም ያህል ብትደብቁት፣ ያ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይሄን ቢያነብ ወዲያው ያውቃል። ተራ፣ ማህበር፣ ትልቅ ሰው፣ እርስዎ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

የሙጋድ አሮጌ

እዚያ የነበረ ሰውን መደበቅ አይቻልም፣ እሱን አልሸፋፍንም። ጋዜጣ ላይም አይቻልም ነበር። የምንጠብቀው ከማያውቃቸው ሰው ነው። እዚያ ያልነበረ ሰው ስማቸውንና መልካቸውን እንዳያገኝ። ስክሪንሾቱ ሁለቱንም ይሰጥ ነበር። ጽሑፉ አንዱንም አይሰጥም። እዚያ ለነበሩት ደግሞ የሚረዳው ነገር አለ፤ ሰውየውን በክፉ ያላነሳ ጽሑፍ ቢያነቡት አያስከፋም። ጠያቂው «ጻፉብኝ»ን ትቶ «የመለሱት» ያለው ለእኛ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እሳቸው ቢያነቡት «ልጄ ስለኔ እንዲህ ብሎ ጠየቀ» ብለው የማይከፉበት እንዲሆን ነው።

ጊዜም ይረዳል። ነገሩ ትኩስ ሆኖ ከሚጠየቅ ትንሽ ቆይቶ ቢጠየቅ ይሻላል፣ ግን ጠያቂው እንቅልፍ አጥቷል፤ አሁን ይጠይቅ።

ስልክ ጠጋኝ ፒያሳ

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ወትሮ በድምፅ የሚልኩ ሰው በጽሑፍ ላኩ ብለሃል። ትልልቅ ሰዎች ሱቄ ሲመጡ አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ የሚጽፍላቸው የልጅ ልጅ ነው። «እንዲህ በልልኝ» ይላሉ፣ ልጁ ይጽፋል። ያ ልጅ ጠያቂውን የማይደፍር ከሆነ «አንተ» ብሎ መጻፍ አይችልም። እሳቸው «አንተም ታውቀዋለህ» ሲሉት «እርስዎም ያውቁታል» ብሎ ይጽፋል። እንደዚህ ዓይነት መልእክት በዓይኔ ሲጻፍ አይቻለሁ።

የሙጋድ አሮጌ

ይሄ ለእኔ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የበለጠ ያስኬዳል። ማረጋገጫ ግን የለንም። ጠያቂ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ አጻጻፉን ይዩት። የፊደሉ ምርጫ፣ የነጠላ ሰረዙ ቦታ፣ «ሰላምታ» በየትኛው ሠ እንደተጻፈ። ከዚህ ቀደም በጽሑፍ የላኩት አንድ እንኳ ካለ ያነጻጽሩ። ለእኛ አይንገሩን፣ ማንነት ያወጣል።

ቦርከና ዳር

አየሁ። የበዓል መልካም ምኞት በጽሑፍ ልከውልኝ ያውቃሉ። አንድ ዓይነት አይመስልም፣ ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ቤታቸው የሚጽፍ ልጅ አለ፣ ያ እውነት ነው።

ለማንኛውም የእኔን መልእክት ደግሜ ሳነበው «ስጡልኝ» የሚለው በሰው ሁሉ ፊት እንዴት እንደሚሰማ አሁን ይታየኛል። ደንቡ ራሱም ትክክል ነው። ነገ ለብቻቸው የድምፅ መልእክት ልልክላቸው ነው። ስለ «እርስዎ» አላነሳም። ተራዬን እንደምይዝ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ሲመልሱ «ልጄ» ካሉኝ እሰማዋለሁ።

ጦሳ ስር

ካላሉስ?

ቦርከና ዳር

ካላሉ ቤታቸው እሄዳለሁ።

የሐይቅ ሙሽራ

ከመላክ ይልቅ መጀመሪያውኑ ብትሄድ ወይ ብትሄጅ ይሻላል እላለሁ። ድምፅም ቢሆን ያው ስልክ ነው፣ ፊት አያሳይም።

ወልድያ 22

እሷ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ቅርብ አይደለም። ጠያቂው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። አሮጌው፣ ሌላ ጥያቄ፤ የድምፅ መልእክትን ለመድረክ በቃል ማስተላለፍስ እንዴት ነው? ለወደፊቱ ማለቴ ነው። ድምፅ ከጽሑፍ የበለጠ ሰውን ያሳውቃል፣ መለጠፍ አይቻልም። ቃሉን ብቻ ብጽፈው ደግሞ ቅላጼው ይጠፋል።

የሙጋድ አሮጌ

እሱ ከባድ ነው። እኔ በደብዳቤ ነው የሠራሁት፣ ድምፅ አልገጠመኝም። የምሞክረው ቢሆን የሰማሁትን ነገር እጽፋለሁ፤ ፈርጄ የደረስኩበትን አልጽፍም። «ተቆጥተው» ከማለት «ስሜን ሳይጠሩ ጀመሩ፣ ወትሮ ከሚናገሩት ይልቅ ቀስ ብለው፣ መጨረሻ ላይ ሳይሰናበቱ ቆረጡ» እላለሁ። የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይጨምርበት፣ እኔም ልማር።

ስልክ ጠጋኝ ፒያሳ

ርዝመቱንም ጨምሩበት። ወትሮ ሁለት ደቂቃ የሚያወሩ ሰው ስድስት ሰከንድ ከላኩ፣ ምንም ይበሉ ምን፣ አንድ ነገር አለ።

የሐይቅ ሙሽራ

ወይ ካርዳቸው አልቆ ነው።